«በደስታ ተቀብያለሁ» ስንል ምን ምን እየተቀበልን ነው?

ባለፈው ኅዳር 24 ቀን ረቡዕ ማምሻውን ታናሽ እህቴ ስልኳን ይዛ ከመኝታ ቤት እየጮኸች ወጣች። ሁለት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ኢሜይል ገብቷል። አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥራት መወሰኑን ጽፎላታል። እማዬ እልል አለች፣ ሲኒዎቹ ወጡ፣ ቡና ተቆላ። ቡናው አንደኛ ሳይቀዳ እህቴ መልሷን ጽፋ ጨርሳ ነበር።

«አንብቢልኝና ልላከው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

አነበብኩትና መልሼ ሳልሰጣት ከጎኔ አስቀመጥኩት። ይህን ያደረግኩት ምቀኛ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ያለ መልስ በደስታ ጽፌ ስለማውቅ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ሳገኝ የተቀጠርኩት ለምርት ማስተዋወቅ ሥራ ነበር። ኦፈሩን ስቀበል ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ከተመደብኩበት ሥራ በተጨማሪ የድርጅቱን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ማስተዳደር እችላለሁ።» ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ከስምንት ወር ማታ ማታ እራት በልቼ ለደንበኞች አስተያየት መልስ ስሰጥ አመሸሁ። ለዚህ የተጨመረልኝ ክፍያ አልነበረም። አንድ ቀን «ይህ እኮ የእኔ ሥራ አይደለም» ብዬ ሳማርር ኃላፊዬ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ የራሴን ኢሜይል አሳየኝ። ምንም የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ የእህቴን መልስ እንዲህ በቀላሉ ላሳልፈው አልቻልኩም።

የእህቴ የመጀመሪያ መልስ

አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶቻችን እንደሚያደርጉት ደብዳቤውም መልሱም በእንግሊዝኛ ነበር። ወደ አማርኛ ስመልሰው የእህቴ መልስ ይህን ይላል፦

«ለሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። የቀረበልኝን ሥራ በታላቅ ደስታ ተቀብያለሁ። ካስፈለገ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ መግባት እችላለሁ። ለማንኛውም የሥራ ጫና፣ ምሽትም ሆነ እሑድ፣ ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ። የአዳማውን መጋዘን ሂሳብም ደርቤ መያዝ አያቅተኝም። አጎቴ ዋስ ይሆነኛል፤ ክሊራንሴንም በመጀመሪያው ቀን ይዤ እመጣለሁ። ደመወዙ 28,000 ብር የተጣራ እንደሚሆንና የትራንስፖርት አበሉም እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ።»

ከሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች ሥራውን የሚቀበለው ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ቀጥለው የመጡት አራቱ ማንም ያልጠየቃትን የሚሰጡ ናቸው። የመጨረሻው ደግሞ በደብዳቤው ላይ የሌለ ነገር ይጠይቃል።

ድርጅቱ የላከው ደብዳቤ አጭርና ግልጽ ነበር። የሥራ መደቡ አካውንታንት፤ የሥራ ቦታው ቦሌ የሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት፤ ደመወዙ በወር 28,000 ብር ግሮስ፤ የሥራ ሰዓቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን፤ የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀናት። ሥራ የሚጀመረው «01/12/2026» ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዋስ መቅረብ አለበት። መልሱ እስከ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ይጠበቃል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የሰው ሀብት ኃላፊዋ በስልክ «3,000 ብር የትራንስፖርት አበል አለን» ብላት ነበር። ይህ ግን በደብዳቤው ላይ የለም።

ያልተጠየቅነውን ስንሰጥ

የእህቴን አራት ስጦታዎች አንድ በአንድ አየናቸው።

«ከሰኞ ጀምሮ መግባት እችላለሁ» ያለችው ኦፈር ላይ ለመጣደፍ እንጂ እውነት ስለሆነ አይደለም። አሁን ባለችበት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊከፍል ይችላል። አዲሱ ድርጅት ራሱ ጊዜ ሰጥቷት እያለ እሷ ቀኑን ወደፊት ካመጣችው፣ በአንድ ሰኞ ሁለት መሥሪያ ቤት ቃል የገባች ሰው ትሆናለች።

«ለማንኛውም የሥራ ጫና ዝግጁ ነኝ» የሚለው ብዙዎቻችን የማመልከቻ ማሳመሪያ አድርገን የለመድነው ነው። ደብዳቤው ግን የሥራ ሰዓቱን ለይቶ አስቀምጧል። ሰዓቱ ተለይቶ በተጻፈበት ቦታ «ምሽትም ሆነ እሑድ» ብሎ መጨመር የተሰመረውን መስመር በራስ እጅ ማጥፋት ነው። አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ማምሸቱ ያለ ነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም በሕግ አለው። ነገር ግን አስቀድሞ ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ ያለ ሰው ያን ክፍያ ሲጠይቅ አንደበቱ ይተሳሰራል።

የአዳማው መጋዘን በቃለ መጠይቁ ላይ የተነሳ ወሬ ነበር። ኃላፊው «ወደፊት እዚያም ሰው እንፈልጋለን» ብሏል፣ በቃ። እህቴ አያቅተኝም ስትል የአንድ ሰው ሥራ ላይ የሌላ ሰው ሥራ ደረበች፣ የሥራ ቦታዋንም ከቦሌ ወደ አዳማ ዘረጋችው። ደመወዙ ግን ያው 28,000 ብር ነው። የእኔም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ታሪክ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እማዬን ከቡናው ቀና ያደረጋት ግን ዋሱ ነው።

«አጎትሽን አናግረሻቸዋል?» አለቻት።

«ገና ነው እማዬ፣ ግን እምቢ አይሉኝም።»

«ሰውዬው ሳይጠየቁ ተፈረመባቸው በይኛ!»

እማዬ ልክ ነበረች። ገንዘብና ሂሳብ የሚይዝ ሠራተኛ ዋስ እንዲያቀርብ መጠየቅ የተለመደ ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ግን ኃላፊነት የሚወስደው በራሱ ፊርማ ነው። እሱ ሳያውቅ ስሙን ወይም ዝምድናውን ጠቅሶ ቃል መግባት እምቢ ቢል እኛን ያሳፍራል፣ እሺ ቢል ደግሞ በይሉኝታ ያስፈርመዋል። ክሊራንሱም እንዲሁ ነው። የሚጽፈው የቀድሞው መሥሪያ ቤት ነው፤ ንብረት ተረክቦ፣ ሂሳብ ዘግቶ፣ ፊርማ አሰባስቦ። በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት መቼ እንደሚደርስ በእኛ ቀን ቆርጠን ቃል ልንገባበት አንችልም።

የሌለ ነገር ስንጨምር

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ በተለየ መንገድ ያሰጋል። እህቴ «ተቀብያለሁ» ብላ ስታበቃ በዚያው መልስ ውስጥ 28,000ው የተጣራ ይሁን አለች። ደብዳቤው ግን ግሮስ ይላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1694 ላይ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። አንድ ሰው የቀረበለትን ሐሳብ ሲቀበል በቅድመ ሁኔታ ከተቀበለ፣ ወይም መልሱ ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል ካልገጠመ፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንዳልተቀበለና በምትኩ አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር «ተቀብያለሁ፣ ግን…» ያለ ሰው የተሰጠውን መልሶ ሌላ ጥያቄ አቅርቧል። ያኔ ኳሱ በአሠሪው እጅ ነው፤ እሺ ማለትም ወደ ሁለተኛዋ ተወዳዳሪ መደወልም ይችላል።

«ተስፋ አደርጋለሁ» የሚለው ቃል ቅድመ ሁኔታ ነው ወይስ ምኞት ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ግን ሥራ ለመያዝ የሚጽፍ ሰው ለጠበቃ ክርክር የሚሆን ዓረፍተ ነገር ለምን ይተዋል?

በዚህ ላይ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ28,000 ብር ላይ 7,750 ብር ግብር ይቆረጣል። ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው 7 በመቶ ደግሞ 1,960 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 18,290 ብር ይሆናል። እህቴ የሂሳብ ሰው ስለሆነች ስሌቱን በናፕኪን ላይ በአንድ ደቂቃ ሠራችው፣ ከዚያ ግን ዝም አለች። አሁን የምታገኘው የተጣራ ደመወዝ 15 ሺህ ብር ገደማ ነው። አዲሱ አሁንም ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን በልቧ እንደያዘችው 13 ሺህ ሳይሆን 3 ሺህ ብር ነው። እንዲህ ሲታይ ደግሞ በስልክ የተነገራት የ3,000 ብር አበል የጭማሪዋ ግማሽ ሆኖ ተገኘ።

ዝም የተባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

እህቴ ቀጥላ ያቀረበችው ጥያቄ ጥሩ ነበር። «ደብዳቤው ስለ ዓመት ፈቃድም ምንም አይልም፤ ስለ ጡረታም አይልም። ታዲያ ሁሉንም ልጠይቅ?»

አያስፈልግም። ደብዳቤው ዝም ያለበትን ነገር በሁለት መክፈል ይበቃል።

አንደኛው ሕጉ ራሱ የሚሞላው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። አሠሪው በግል ድርጅት ሠራተኛ ስም የሚያዋጣው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ እንደሆነም ተደንግጓል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። እነዚህ በደብዳቤው ላይ ባይጻፉም አይጠፉም። መልሳችን ውስጥ እየደረደርን ብንጠይቃቸው የምናተርፈው ነገር የለም፤ እንዲያውም ስንሳሳት ከሕጉ ያነሰ ቁጥር ልንጽፍ እንችላለን።

ሁለተኛው ከስምምነት በቀር ማንም የማይሞላው ነው። የትራንስፖርት አበል፣ የስልክ ካርድ፣ ከሙከራ ጊዜ በኋላ ይደረጋል የተባለ ጭማሪ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መሥራት፣ ቦነስ፤ እነዚህን አሠሪው እንዲሰጥ የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ የለም። በስልክ ተብለው በጽሑፍ ካልመጡ የሚቀሩት በተናጋሪው ትዝታ ውስጥ ነው። ያ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሥራ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ መያዝ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። በሥራ አስኪያጅነት ወይም ድርጅቱን በመምራት ሥልጣን የሚቀጠር ሰው፣ እንዲሁም የመንግሥት ሠራተኛ፣ «ሕጉ ይሞላልኛል» ብሎ በዚህ አዋጅ መተማመን አይችልም። በተለይ ለሥራ መሪ የማስጠንቀቂያ ጊዜውና ፈቃዱ ሳይቀር በውሉ ውስጥ ቢጻፉ ይመረጣል።

መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ መቀበሉ

ያን ማታ የወሰንነው ነገር ቀላል ነው። መልሱ ውሳኔዋን የሚቀይር ጥያቄ ካለ ከመቀበሏ በፊት በተለየ ኢሜይል ትጠይቃለች። በመቀበያው ውስጥ ጥያቄም ተስፋም አይገባም። እስከ ዓርብ ጊዜ ስላላት ረቡዕ ማታ ይህን ላከች፦

«ስለ ላካችሁልኝ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። እስከ ዓርብ መልሴን እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። ኅዳር 10 ቀን በስልክ ስንነጋገር ከደመወዙ ሌላ በወር 3,000 ብር የትራንስፖርት አበል እንዳለ ተገልጾልኝ ነበር። በደብዳቤው ላይ ስላላየሁት፣ የቅጥሩ አካል መሆኑን ብታረጋግጡልኝ እወዳለሁ።»

ኢሜይሉ አይወቅስም፣ አይለምንም፣ ተቀብያለሁም አይልም። የተነገራትን ነገር ከነቀኑ ያስታውሳል። «ካልሰጣችሁኝ አልመጣም» ስላላለች ኦፈሩ እንዳለ ይቆያል። ግሮስና የተጣራው ጉዳይ አልገባበትም፤ ደብዳቤው ግሮስ ብሎ በግልጽ ጽፏልና የሚጠየቅ ነገር የለም። ደመወዙ ይጨመርልኝ ብትል ኖሮ ያ ድርድር ነው፤ መብቷ ነው፣ ግን ድርድር መሆኑን አውቃ፣ ይህንኑ ለይታ መጻፍ ነበረባት። እሷ በአበሉ ከሆነ እንደምትስማማ ወሰነች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የሁለት መስመር መልስ መጣ። አበሉ እንዳለ፣ በደብዳቤው ላይ የቀረው በስህተት እንደሆነና በውሉ ውስጥ እንደሚገባ ኃላፊው ጻፈላት።

የተላከው መልስ

ዓርብ ጠዋት በዚያው ኢሜይል ሥር፣ አዲስ ገጽ ሳትከፍት፣ ይህን መለሰች፦

«የአካውንታንት ሥራውን ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በተላከልኝ ደብዳቤ ላይ በተገለጸው መሠረት ተቀብያለሁ።

እንደተረዳሁት ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች እነዚህ ናቸው። የሥራ ቦታ፦ ቦሌ ዋና መሥሪያ ቤት። ደመወዝ፦ በወር 28,000 ብር ግሮስ። የትራንስፖርት አበል፦ በወር 3,000 ብር፣ ኅዳር 25 ቀን በኢሜይል እንዳረጋገጣችሁልኝ። ሥራ የምጀምርበት ቀን፦ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 12 ቀን 2026)።

ዋስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አቀርባለሁ። ክሊራንስ አሁን ካለሁበት መሥሪያ ቤት እጠይቃለሁ፤ እንደተሰጠኝ አስረክባለሁ።

አበሉን የሚጨምረውን የተስተካከለ ደብዳቤ በፊርማና በማኅተም ብትልኩልኝ፣ በሥራ ላይ ላለሁበት መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ፤ አብረን ለመሥራት በጉጉት እጠብቃለሁ።»

ደስታው በመጨረሻው መስመር አለ፤ ማንንም አያስከፍልም። የቀሩት መስመሮች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። «በተላከልኝ ደብዳቤ መሠረት» የሚለው መልሱን ከአንድ የተወሰነ ወረቀት ጋር ያስረዋል፤ ያልጠቀሰችው የሥራ ሰዓትና የሙከራ ጊዜም በዚያው ይጠቀለላል። ነጥቦቹን ስትዘረዝር ደብዳቤውን በሙሉ አልገለበጠችም፤ ገንዘብ፣ ቦታና ቀን ብቻ ነው የወሰደችው። ሰው የሚጣላው በእነዚህ ነውና። አበሉን ስትጽፍ የተረጋገጠበትን ቀን አብራ አስቀመጠች፤ ስለዚህ አዲስ ጥያቄ አይመስልም።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፏ ጌጥ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ያለው «01/12/2026» ወሩን አስቀድሞ ለሚጽፍ ሰው ጃንዋሪ 12 ነው፤ ቀኑን አስቀድሞ ለሚጽፍ ደግሞ ዲሴምበር 1 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ካሰበው ሰው ጋር ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም ሊመጣ ነው። የሳምንቱን ቀን ስም ጨምሮ መጻፍ ስህተቱ ካለ ወዲያው እንዲታይ ያደርጋል። ጥር 4 ሰኞ ካልሆነ አንዱ ወገን ያስተውላል።

ኢሜይል ዋጋ አለው ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ጽሑፍ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። ቢሆንም አገራችን ውስጥ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያቀልለው ክርክር ብዙ ነው። እህቴ ማኅተም የጠየቀችው ለዚህ ነው።

መልቀቂያ መቼ ይገባል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እህቴ መልቀቂያዋን ልታስገባ ተነስታ ነበር። አስቆምኳት። ቋሚ ሥራ ትታ የምትሄደው ወደ ሙከራ ጊዜ ነው። በሙከራ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካላገኘው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ይህን ያህል አደጋ የምትወስድ ሰው ቢያንስ የምትሄድበት ቦታ በወረቀት መኖሩን ማየት አለባት።

የተስተካከለው ደብዳቤ ሰኞ ኅዳር 29 ጠዋት መጣ፣ ማኅተሙም አበሉም አለበት። ከሰዓት በኋላ መልቀቂያዋን አስገባች፤ በሁለት ኮፒ፣ አንዱን በመዝገብ ቤት አስፈርማ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ኅዳር 29 የገባ ማስጠንቀቂያ ታኅሣሥ 29 ይሞላል፤ የገና ዕለት መሆኑ ነው። ጥር 4 ከዚያ በአምስተኛው ቀን ናት። «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለውን ልካ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ሰኞ ማስጠንቀቂያ ያስገባችበት ይህቺው ቀን ነበረች።

ማታውኑ እማዬ ጋር ሆና አጎታችን ቤት ሄደች። ለካ ቤታቸው በልጃቸው የባንክ ብድር ተይዟል። «ልጄ፣ እኔ ብፈርም ደስ ይለኛል፣ ግን የማቀርበው ነገር የለኝም» አሏት። አልተቀየሙም፣ እሷም አላፈረችም፤ ስማቸው የትም አልተጻፈም። ዋስ የሆነችላት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ አክስታችን ናት። ቅጹን አንብባ፣ ኃላፊነቱ እስከ ስንት ብር እንደሆነ ጠይቃ ፈረመች።

ውሉ ሲመጣ

ጥር 4 ቀን እህቴ ሥራ ገባች፤ ረፋድ ላይ አራት ገጽ ውል ተሰጣት። ኢሜይሉን በስልኳ ከፍታ ከውሉ ጎን አስቀመጠችና ገንዘብ፣ ቦታና ቀን የሚሉትን ብቻ አስተያየች። ደመወዙ ትክክል ነው፣ አበሉ አለ፣ ቀኑ ትክክል ነው። የሥራ ቦታ የሚለው ግን «አዲስ አበባ ወይም ድርጅቱ በሚመድባቸው ማናቸውም ቦታ» ይላል።

ለኃላፊው አሳየችው። «ይሄ ለሁሉም የምንጠቀምበት የውል ቅጽ ነው» አላት። እሷም «ደብዳቤውም የእኔም መልስ ቦሌ ዋና መሥሪያ ቤት ስለሚል እንደዚያ ብናስተካክለው» አለችው። ያ ገጽ ተስተካክሎ እንደገና ታተመ፤ ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በመጀመሪያው መልሷ «የአዳማውንም ደርቤ እይዛለሁ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ያንን ገጽ ለማስቀየር ምን ብላ ትጠይቅ ነበር?

በዕለቱ ውል ያልተሰጠውም ሰው ባዶ እጁን አይደለም። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘና የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ጽሑፉ ሲደርሰው ሠራተኛው በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ እንደ ውል ይቆጠራል። ስለዚህ የደረሰንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከመክተታችን በፊት ከላክነው መልስ ጋር ማስተያየት አለብን፤ ዝምታችንም መልስ ሆኖ ይቆጠራልና።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከሥራ ስትመለስ ኃላፊዋ «የወር መዝጊያ ስለሆነ ዛሬ ማምሸት ትችያለሽ?» ብሏት እንደነበር ነገረችን። አምሽታለች። በማግስቱ የትርፍ ሰዓት ቅጽ ሞላች፣ ተፈረመላት። ጠይቋት ነው ያመሸችው፤ ቀድሞ የተሰጠ ቃል ስላልነበረ መጠየቅ ነበረበት።